ምላሽ ያልተሰጠውን ኢሜይል እንዴት ማስታወስ ይቻላል?

አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የውኃ መሳቢያ ሞተር ዋጋ ለመጠየቅ ለአቅራቢ ድርጅት ማክሰኞ ኢሜይል ላከ እንበል። ምላሽ ቢዘገይ መልእክቱ በሌሎች ደብዳቤዎች ብዛት ተሸፍኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝምታውን እንደ እምቢታ መቁጠር አይገባም።

አምስት የሥራ ቀናት ጠብቆ በቀጣዩ ማክሰኞ ረፋድ ማስታወስ ተገቢ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚላክ መልእክት ግን እስከ ሰኞ ሳይነበብ ሊቆይ ይችላል።

ማስታወሻው ቀድሞ በተላከው ኢሜይል ላይ ቢቀጥል፣ ተቀባዩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከሥሩ ያገኘዋል። የርእሱ መስመርም «አስቸኳይ» ወይም «ለሁለተኛ ጊዜ» ከሚል ይልቅ ጉዳዩን ቢገልጽ ይመረጣል፤ ለምሳሌ «የ3 ሞተሮች ዋጋ ጥያቄ»።

«ለምን አልመለሳችሁም?» የሚለው ወቀሳ ነው። «መስኖ በኅዳር ስለምንጀምር ዋጋውን እስከ ጥቅምት 20 ብታሳውቁን እናመሰግናለን» የሚለው ግን ምክንያቱንና ቀኑን ያስረዳል። ከሳምንት በኋላም ምላሽ ካልተገኘ፣ ሦስተኛ ኢሜይል ከመላክ ስልክ መደወል ይሻላል።