ትዳር ሳይፈርስ የሚጠየቅ ቀለብ

ከባልና ሚስት አንዱ ገቢ አጥቶ ሌላው እጁን ሲሰበስብ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ጥያቄ የቀለብ አቤቱታ ይባላል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ጉዳዩን የሚያየው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ነው፤ የሚዳኘውም በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ቀለብ ሲባል እህል ብቻ አይደለም፤ መጠለያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ባልና ሚስት እርስ በርስ የመደጋገፍ ግዴታ ያለባቸው በጋብቻው ምክንያት ስለሆነ፣ ቀለቡም የሚጠየቀው ጋብቻው ጸንቶ ሳለ ነው። የፍቺ ክስ ቢቀርብም ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ከፍቺ በኋላ ግን የቀድሞ ባል ለቀድሞ ሚስቱ በየወሩ ይቁረጥላት የሚል ሥርዓት የለም፤ የሚቀረው የጋራ ንብረት ክፍፍል ነው። በውጭ አገር ፊልም የሚታየውን አስቦ «ፍቺው ይለቅና ቀለቡን እጠይቃለሁ» ያለ ሰው የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የልጆች ቀለብ ግን ራሱን የቻለ ነው፤ ከፍቺ በኋላም ይቀጥላል።

ለምሳሌ ያህል፣ በቤቷ ልብስ እየሰፋች ስትተዳደር የኖረች ሴት ወገቧን ታማ ሐኪም ረጅም ሰዓት መቀመጥ ከለከላት እንበል። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል። የድርጅት ሾፌር የሆነው ባሏ ሌላ ቤት ተከራይቶ ከወጣ ወዲህ ለቤት የሚሰጠውን አቁሟል። አቤቱታዋ ላይ እሷ አመልካች፣ እሱ ተጠሪ ይባላሉ። ራፖር ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ ስድብና በደል ይዘረዝራሉ፤ ዳኛው የሚፈልገው ግን ሦስት ነገር ነው፦ ጋብቻ መኖሩን፣ አመልካቿ መቸገሯንና ሠርታ መተዳደር አለመቻሏን፣ ተጠሪው ደግሞ አቅም ያለው መሆኑን።

የመጀመሪያው በጋብቻ ምስክር ወረቀት ይረጋገጣል፤ ወረቀት ከሌለ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በሚያውቁ ምስክሮች ማስረዳት ይቻላል። ክርክሩ የሚከርረው በሁለተኛው ነው። ባልየው «ጤነኛ ናት፣ መሥራት ትችላለች» ማለቱ አይቀርም፤ «ታማለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ይህን አይመልስም። የሐኪም ማስረጃው ምን ዓይነት ሥራ እንደተከለከለች መናገር አለበት፤ የስፌት ሥራዋ መቼ እንደቆመ የሚያውቁ ጎረቤቶችም በምስክርነት ይቆጠራሉ። «ልጆቿ ይርዷት» ቢልም መልስ አለው፤ ሕጉ የቀለብ ግዴታን በቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ የትዳር ጓደኛን ከልጆች በፊት ያደርጋል።

ሦስተኛውን ማስረጃ አመልካቿ በእጇ ላታገኘው ትችላለች። ድርጅቱ የሠራተኛውን ደመወዝ ለሚስት አይጽፍም። ስለዚህ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ የደመወዙ መጠን ከአሠሪው በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲቀርብ መጠየቅ አለባት፤ ይህ ከተዘነጋ ባልየው ያመነው ቁጥር ብቻ መነጋገሪያ ሆኖ ይቀራል።

የሚጠየቀውም ገንዘብ «ተገቢ ቀለብ» ተብሎ አይታለፍም። ሴትዮዋ ለቤት ኪራይ 4,000፣ ለምግብ 3,500፣ ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት 1,000 ብር ብላ በድምሩ 8,500 ብር ትጠይቃለች እንበል። የባልየው ደመወዝ 18,000 ብር መሆኑ ቢረጋገጥ፣ ፍርድ ቤቱ የእሷን ፍላጎት ከእሱ አቅም፣ ከሚከፍለው ኪራይም ጭምር ያመዛዝንና ለምሳሌ 6,000 ብር ሊወስን ይችላል። የተቆረጠ ቀመር የለም። ከዚያ በፊት የሚራብ ሰው ካለ፣ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲቆረጥ በዚያው አቤቱታ መጠየቅ ያስፈልጋል። የዳኝነት መክፈል ለማትችል አመልካች በድህነት ከክፍያ ነጻ ሆኖ የመክሰስ ሥርዓትም አለ።

ባልየው ውሳኔውን ካልፈጸመ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈትና ገንዘቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲገባ ለአሠሪው ትእዛዝ ይሄዳል። እዚህ ላይ ገደብ አለ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ከ18,000 ብር ላይ ይህ 6,000 ብር ነው፤ የምሳሌው ቀለብ እዚያው ጣሪያው ላይ ደርሷል። የግል ነጋዴ ወይም የቀን ሠራተኛ ላይ ይህ መንገድ አይሠራም፤ አመልካቿ የባንክ ሒሳብ፣ መኪና ወይም የኪራይ ገቢ ፈልጋ ማሳየት ይኖርባታል።

የተወሰነ ቀለብ እንዲጠራቀም መተውም አይበጅም። ጊዜው ከደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ጠያቂዋ ለመኖር የግድ ያስፈልጋት እንደነበር ካላስረዳች በቀር፣ በኋላ አይጠየቅም። መጠኑ ግን እንደተወሰነ አይቀርም፤ ደመወዙ ቢጨምር፣ እሱ ከሥራ ቢወጣ ወይም እሷ ድና ወደ መኪናዋ ብትመለስ፣ ከሁለቱ ማናቸውም ለፍርድ ቤቱ አመልክቶ ማስቀየር ወይም ማስቀረት ይችላል።