ከማዕዱ የተገፉት ወላጆች

እ.ኤ.አ. በ1874 የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ጉል ወጣት ሴቶችን ምግብ የሚያስተወውን ሕመም «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» በሚል ስም ሲገልጸው ምክርም ጨምሮ ነበር፦ ታማሚዋ በሰዓቱ ትመገብ፤ ቤተ ዘመድ ግን ለማስታመም አይሆንም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን ልጅን ከወላጅ መለየት የሕክምናው አካል ሆኖ ኖረ።

መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል አንድ ነገር ሐኪሞቹን ያሳስባቸው ጀመር። ነርሶች ከታማሚዋ ጎን ተቀምጠው፣ ሳይቆጡም ሳይተዉም፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ይጠብቃሉ። ክብደቷ ይመለሳል፤ ቤቷ ስትገባ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና ይወርዳል። በዚያው ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ክሪስቶፈር ዴርና ኢቫን አይስለር ነርሶች የቻሉትን ወላጆችም ሊችሉት እንደሚገባ አሰቡ።

ከባልደረባቸው ከጄራልድ ራስል ጋር ሆነው ከሆስፒታል የወጡ 80 ታማሚዎችን በዕጣ መደቡ፤ ገሚሱ ከቤተሰቡ ጋር፣ ገሚሱ ለብቻው ለአንድ ዓመት ታከመ። በ1987 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። ሕመሙ በልጅነት ለጀመራቸውና ከያዛቸው ሦስት ዓመት ላልሞላ ታማሚዎች የቤተሰቡ ሕክምና በለጠ። ለቆየባቸው ግን ይህ ብልጫ አልታየም።

ስለዚህ ቶሎ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ እንውሰድ። መጀመሪያ ጣፋጭ ተወች፣ ቀጥሎ ዳቦ፤ «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» ማለት አበዛች። ለታናናሾቿ ታበስላለች፣ የራሷን ቁራሽ ግን እየቆራረጠች ሳህን ላይ ታንከራትተዋለች። በሙቀት ሹራብ ትደርባለች፣ የወር አበባዋም ቀርቷል። ቁመቷ ጨምሮ ክብደቷ ባለበት ቆሟል፤ በዚህ ዕድሜ አለመጨመሩ ራሱ መክሳት ነው።

ሕክምናው ሲጀመር ጥፋተኛ አይፈለግም፤ ልጅቷና ሕመሙም ተለይተው ይታያሉ። በሁለተኛው ቀጠሮ ቤተሰቡ ምሳውን ይዞ ይመጣል። እናቷ ከምግቡ ቀንሳ ስታቀርብ ባለሙያው ለልጅቷ የሚበቃው ያ እንደሆነ ይጠይቃል። «ጠግቤያለሁ» ስትል ወላጆቿ ሳይከራከሩ፣ ሳይለምኑ፣ በአንድ ቃል «አንድ ጉርሻ ጨምሪ» እያሉ ካሰበችው በላይ እንድትበላ ያደርጋሉ። በቤትም ምን፣ መቼና ስንት እንደምትበላ እነሱ ይወስናሉ። ክብደቷ ሲመለስ ውሳኔው ቀስ በቀስ ወደ እሷ ይዞራል፤ በመጨረሻም ንግግሩ ከምግብ ወጥቶ ስለ ጉርምስናዋ ይሆናል።

ሁሉም አይድንም፤ በ2010 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ሕክምናው ካበቃ ከዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ያገገሙት ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ራሷን ከሳተች፣ የልብ ምቷ ከዘገየ ወይም ውሃም እምቢ ካለች መጀመሪያ ሆስፒታል ትግባ። ለብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ሲመገብ ሊታወክ ስለሚችል፣ አመጋገቡን ከፍ ማድረግም በሐኪም ክትትል ይሁን። ክብደቷ መቆሙን ያየ ወላጅ ግን «ያልፍላታል» ብሎ አይጠብቅ፤ የቁመቷንና የክብደቷን መዝገብ ይዞ ዛሬውኑ ሐኪም ያማክር።