ወለድ ጳጉሜንን አይዘልም

አንድ የማውቃቸው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ባንክ አስከፍሎኛል ያሉትን ትርፍ ወለድ እንድመለከትላቸው ወረቀታቸውን ይዘው መጡ። ብድሩ 2 ሚሊዮን ብር፣ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ነው። ገንዘቡን የወሰዱት ሰኔ 15 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ዋናውንም ወለዱንም በአንድ ጊዜ የከፈሉት ጥቅምት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እሳቸው እንዲህ አሰቡ፦ ከሰኔ 15 እስከ ጥቅምት 15 አራት ወር፣ አራት ወር 120 ቀን። ወለዱ 118,356 ብር ከ16 ሳንቲም ይሆናል። ባንኩ የቆረጠው ግን 124,273 ብር ከ97 ሳንቲም ነው። የ5,917 ብር ከ81 ሳንቲም ልዩነት አለ።

ልዩነቱ ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። የወር ደመወዝተኛ የጳጉሜን ብሎ የሚቀበለው የለም፣ የቤት ኪራይም በወር ስለሚከፈል ጳጉሜንን ዘልሎ ያልፋል። ስለዚህ ጳጉሜንን ሳይቆጥሩ ማለፍ ልማድ ሆኖብናል። ወለድ ግን የሚታሰበው በቀን ነው፤ ጳጉሜንም ቀን አላት። በዚያ ላይ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች።

በእኛ ዘመን አቆጣጠር ቀን መቁጠር ቀላል ነው፣ ምክንያቱም አሥራ ሁለቱም ወር እኩል 30 ቀን አላቸው። የወሩን ልዩነት በ30 ማባዛት፣ የቀኑን ልዩነት መደመር፣ መካከል ላይ ጳጉሜን ካለች 5 ወይም 6 መጨመር ብቻ ነው። በነጋዴው ብድር አራት ወር 120፣ የቀን ልዩነት ዜሮ፣ ጳጉሜን 6፤ በድምሩ 126 ቀን። ሁለት ሚሊዮኑን በ18 በመቶ፣ ከዚያ በ126 አባዝተን ለ365 ብናካፍል የባንኩ ቁጥር ሳንቲሙ ሳይቀር ይመጣል።

የተበደሩበትንም የከፈሉበትንም ቀን አብሮ መቁጠር ግን 127 ያመጣል፤ ይህ ስህተት ነው። ገንዘቡ ስንት ሌሊት እጃችሁ እንዳደረ ቁጠሩ። ዛሬ ተበድሮ ነገ የከፈለ ሰው አንድ ሌሊት አሳደረ፣ የአንድ ቀን ወለድ ይከፍላል። በዚህ ብድር አንድ ቀን 986 ብር ከ30 ሳንቲም ነው።

የባንክ ሲስተም በአብዛኛው የሚሠራው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ሌላው ስህተት የሚገባው በልወጣ ነው። ጥቅምት 15 በሌላ ጊዜ ኦክቶበር 25 ነው። ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት ግን እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ድረስ አንድ ቀን ይገፋል፤ ስለዚህ ጥቅምት 15 ቀን 2016 ኦክቶበር 26 ቀን 2023 ነበር። የተለመደውን ሰንጠረዥ የተከተለ ሰው 125 ቀን ያገኛል።

ይህን ለመያዝ እኔ የምጠቀምበት መንገድ የሳምንቱን ቀን ማየት ነው። ከነጋዴው ጋር የዚያን ጊዜ ካላንደሮች አውጥተን ስናይ ሰኔ 15 ሐሙስ፣ ጥቅምት 15ም ሐሙስ ነው። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያለው ቀን ለ7 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። 126 ለ7 ሲካፈል ልክ 18 ሳምንት ነው። 120ም፣ 125ም፣ 127ም እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ቀኖቹ የተለያዩ ከሆኑ፣ ለምሳሌ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ ቀሪው 2 መሆን አለበት። ይህ ፈተና ልክ የ7 ቀን ስህተትን አያሳይም፤ አካፋዩ 360 ይሁን 365ም አይነግራችሁም። አካፋዩ 360 ቢሆን ኖሮ ወለዱ 126,000 ብር ይሆን ነበር፣ ይህን ከውሉ ላይ ማንበብ ግድ ነው። በኤክሴል የምትሠሩም ተጠንቀቁ። የተበደሩበት የፈረንጅ ቀን A1፣ የከፈሉበት B1 ላይ ከሆነ፣ `=B1-A1` እውነተኛውን 126 ሲሰጥ፣ `=DAYS360(A1,B1)` ግን ወሩን ሁሉ 30 አድርጎ ስለሚቆጥር 124 ይላል።

በማስጠንቀቂያ ጊዜም «30 ቀን» እና «አንድ ወር» አንድ አይደሉም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፤ አሠሪው የሚሰጠው ግን እንደ አገልግሎቱ ዘመን በወር የተቀመጠ ነው። ሠራተኛው ነሐሴ 20 ደብዳቤ ቢያስገባ፣ ያን ቀን ሳንቆጥር፣ ከነሐሴ 10፣ ከጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 15 ቀን ይሆናል። ሠላሳው መስከረም 15 ይሞላል እንጂ መስከረም 20ን አይጠብቅም።

ነጋዴው ክርክራቸውን ትተው ሄዱ፤ ባንኩ ትክክል ነበር። ጳጉሜን እንደገና 6 ቀን የምትሆነው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የሚሻገር ብድር የምትፈርሙ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የቀኑን ብዛት በቁጥር ውሉ ላይ አስጽፉ።