የአያት ግንባር በ128 ነጥብ

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ የሰርግ ግሩፕ ፎቶ። ሁሉም አምሮባቸዋል፤ የሙሽራዋ አያት ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከአፍታ በኋላ በተነሳው ፎቶ ላይ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ እዚያ ደግሞ ሙሽራው ዞሯል። ቤተሰቡ ፈቀደልኝና የእማማን ፊት ከሁለተኛው ቆርጬ በአንደኛው ላይ ለጠፍኩ፤ ከዚያ መጋጠሚያው እንዳይታይ በፊት መቀየሪያ ሞዴል አሳለፍኩት።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሞዴል `inswapper_128` ነው። ስሙ እንደሚለው የሚሰጠው ፊት 128 በ128 ነጥብ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ የእማማ ፊት ስፋት 512 ነጥብ ያህል ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ነጥብ ወደ 16 ይዘረጋል። ውጤቱ ጭጋግ የለበሰ ፊት ነው።

ጭጋጉን ለመግፈፍ ጂኤፍፒጋን ወይም ኮድፎርመር ይጠራሉ። ሁለቱም የሰለጠኑት ከፍሊከር በተሰበሰቡ 70,000 የፊት ፎቶዎች ነው፤ የጠፋውን ዝርዝር የሚሞሉት ከዚያ በተማሩት ልማድ ነው። በእማማ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፦ ጉንጫቸው እንደ ላስቲክ ተወለወለ፣ የግንባራቸው የመስቀል ንቅሳት ደግሞ የደበዘዘ ጥላ ሆነ። ልጃቸው ቢያዩት «ይቺ እናቴ አይደለችም» ነበር የሚሉት።

ኮድፎርመር ላይ መጀመሪያ የሚነካው `-w` ነው። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል፤ ወደ 0 ሲጠጋ ፊቱ ይጠራል ግን ከሰውየው ይርቃል፣ ወደ 1 ሲጠጋ ሰውየውን ይመስላል ግን ጭጋጉ ይቀራል። ለእማማ ይህን ሰጠሁ፦

```
python inference_codeformer.py -w 0.8 --has_aligned --input_path faces
```

`--has_aligned` ፊቱ አስቀድሞ ቀጥ ብሎ በ512 በ512 ተቆርጧል ማለት ነው።

ቆዳውን ያዳነው ግን ሌላ ነገር ነው። የእማማ እውነተኛ ቆዳ የትም አልጠፋም፤ ዓይናቸውን በጨፈኑበት በዋናው ፎቶ ላይ እንዳለ አለ። ዋናውን ፎቶ ትንሽ አደበዝዛለሁ፣ የደበዘዘውን ከዋናው እቀንሳለሁ፤ የሚተርፈው የቆዳ ቀዳዳው፣ ቀጭኑ ሽብሽብና የካሜራው ሽርክት ብቻ ነው። ያን በታደሰው ፊት ላይ እጨምራለሁ። ግንባሩን ከነንቅሳቱ ጭራሽ አልነካም፤ በማስክ ሸፍኜ ከዋናው እተወዋለሁ።

ማደብዘዣው 3 ነጥብ አካባቢ ሲሆን ይበቃል። 15 ካደረጉት የተጨፈነው ዓይን መስመር ይከተልና በተከፈተው ዓይን ላይ እንደ ጥላ ይነሳል። በዓይኑ ዙሪያ ሽብሽቡ ድርብ ሆኖ ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ዓይንና ሽፋሽፍት ላይ የዋናውን ዝርዝር አጠፋለሁ፤ እዚያ ብቻ የኮድፎርመር ግምት ይቆያል።

ፍተሻው ፎቶውን 100 በመቶ ከፍቶ ጉንጭንና አንገትን ጎን ለጎን ማየት ነው። አንገቱ ላይ ሽርክት ኖሮ ጉንጩ ላይ ከሌለ ሥራው አላለቀም። የእማማ አንገትና ጉንጭ በሦስተኛው ሙከራ ገጠሙ።