የምግብ ዝርዝር ማረም፦ ከአንድ ወረቀት የሚጀመር ሥራ

በጅቡቲ ከተማ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የምግብ ዝርዝራቸውን በአማርኛና በፈረንሳይኛ ሊጽፉ ይችላሉ። ሁለት ቋንቋ ባለበት ደግሞ ስሕተት አይጠፋም። አማርኛ አጥርቶ የሚያነብና ትንሽ ፈረንሳይኛ ያለው ሰው ሥራ ሊያገኝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ወረቀት ይዘን እንመልከት እንበል። መጀመሪያ ሳንነካው ፎቶ እናነሣዋለን፤ ይህ ኋላ ይጠቅመናል። ከዚያ ሦስት ጊዜ እናነባለን። አንደኛው ንባብ ለቁጥር ብቻ ነው። በአማርኛ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት» የሚለው በፈረንሳይኛው በኩልም 1 እና 4 ተብሎ ከተገለበጠ፣ ፈረንሳይኛውን የሚያነብ ደንበኛ ቤቱ ሌሊት የሚሠራ ይመስለዋል። ትክክሉ 7 እና 22 ነው። የስልኩም አሃዝ ይቆጠራል፤ የጅቡቲ ቁጥር 8 አሃዝ አለው።

ሁለተኛው ንባብ ለምግብ ስም ነው። በፈረንሳይኛ ዓሣ «ፑዋሶን» በሁለት ኤስ ይጻፋል፤ አንዷ ከጎደለች «ፑዋዞን»፣ ማለትም መርዝ ይሆናል! ሦስተኛው ለፊደል ነው። ከላይ «ሥጋ»፣ ከታች «ስጋ» ካለ አንዱን መርጠን በሁሉም ቦታ እናደርጋለን። ይህን ንባብ ከታች ወደ ላይ ብናደርገው ዓይን ቶሎ አይዘልም።

እርማቱን በወረቀቱ ላይ አንሞነጫጭርም። በሌላ ወረቀት ሦስት ዓምድ እናሰምራለን፦ ያለው፣ የሚሆነው፣ ምክንያቱ። ዋጋ አጠራጣሪ ከሆነ ባለቤቱን እንጠይቃለን እንጂ በግምት አንለውጥም። የማናነበውን ቋንቋ ደግሞ ለሚያውቅ መስጠት ነው።

የፎቶ መግለጫም እንዲሁ ነው። «ጣፋጭ ምግብ» ማለት ለደንበኛው ምንም አይነግረውም። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ «የጾም በያይነቱ፦ ምስር፣ ክክ፣ ጎመንና ቀይ ሥር በእንጀራ። ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል የለበትም። ረቡዕና ዓርብ።» ታዲያ ከመጻፋችን በፊት ቅቤ አለመግባቱን ምግብ ሠሪዋን እንጠይቃለን። በፈረንሳይኛው «የጾም» ብቻ ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ የውጭ ሰው የሚገባው የሌለበት ነገር ሲዘረዘርለት ነው።

የሥራ ናሙና ለማዘጋጀት ሦስት ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያው ገጽ ከእርማት በፊትና በኋላ ያለው ወረቀት ጎን ለጎን ይሁን፤ በሁለተኛው የሦስት ዓምዱ ዝርዝር፤ በሦስተኛው ሁለት ፎቶ ከነመግለጫቸው። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ የቤቱን ስምና ስልክ ሸፍነን ነው የምናሳየው። ገና ሥራ ያልሰጠን ሰው ከሌለ፣ የምግብ ዝርዝር ራሳችን ጽፈን፣ የተለመዱትን ስሕተቶች አስገብተን እናርማለን። ግን ከላዩ «ለልምምድ የተዘጋጀ» ብለን መጻፍ አለብን። ባለሱቁ ጠይቆ ያልሠራነው መሆኑን ከደረሰበት ሁለተኛ ወረቀቱን አይሰጠንም።