ክስ በየትኛው ፍርድ ቤት ሊቀርብ እንደሚገባ

በገጠር ክስ የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚጠራው መምህሩ ወይም ፊደል የቈጠረው ሽማግሌ ነው። ባለጉዳዩ ስለ ተበደለው በደል ብዙ ይናገራል፤ ክሱ ወዴት ይቅረብ የሚለውን ግን አይጠይቅም። ምነው ቢሉ፥ የቅርቡ ፍርድ ቤት የወረዳው ነው ብሎ አስቀድሞ በልቡ ወስኗልና። እውነቱ ያለው ሰው እንኳ በዚህ አሳብ ሳቢያ ተረትቶ ይመለሳል።

ማንኛውም ዳኛ ነገር ከመስማቱ አስቀድሞ ሥልጣን ያለው መሆኑን መመርመር ይገባዋል። ምርመራውም በሦስት ነገር ነው። አንደኛው የሥረ ነገር ሥልጣን ይባላል፤ ይኸውም የክሱ ዓይነትና የገንዘቡ መጠን ለየትኛው ፍርድ ቤት የተሰጠ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው የቦታ ሥልጣን ነው፤ ከእኩዮቹ ፍርድ ቤቶች መካከል የየትኛው አገር ፍርድ ቤት ይስማው ማለት ነው። ሦስተኛው የደረጃ ሥልጣን ነው፤ ማን በመጀመሪያ ይሰማል፥ ማንስ በይግባኝ ያያል ማለት ነው። ሦስቱ በሚዛን እኩል አይደሉም። የአንዱ ስሕተት በዝምታ ይታለፋል፤ የሌላው ስሕተት ግን ፍርድ ከተሰጠ በኋላ እንኳ ይፈልቃል። ይህንም በምሳሌ እንይ።

አንድ የደጀን ገበሬ ዐባይን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን ለሚኖር ነጋዴ ሁለት በሬና አንድ ላም በ150,000 ብር በዱቤ ሸጠ እንበል። ውሉ የተጻፈው ደጀን ነው፤ ገንዘቡም በጥር ወር ደጀን ላይ ሊከፈል ተስማምተዋል። ጥር አለፈ፥ ገንዘቡ አልመጣም። ገበሬው በደጀን ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ነጋዴውም ቀርቦ «ላሟ የታመመች ነበረች» ብሎ ተከራከረ እንጂ ስለ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አንዳች ቃል አልተናገረም። ምስክር ተሰማ፥ ዓመት አለፈ፥ ገበሬው ረታ። ነጋዴው ደብረ ማርቆስ በሚያስችለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። በዚያ ያሉት ዳኞች መዝገቡን ገልጠው የሁለቱን አድራሻ ባዩ ጊዜ፥ ስለ ላሟ አንድ ነገር ሳይናገሩ የወረዳውን ፍርድ ሻሩት።

ስለ ምን ሻሩት ቢሉ፥ ደጀን በአማራ ክልል፥ ጎሐ ጽዮን በኦሮሚያ ክልል ነውና። በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣ ክርክር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቍጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ነገር ነው። የገንዘቡ መጠን ከ10 ሚሊዮን ብር ካልበለጠ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይሰማዋል፤ ከዚያ ከበለጠ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሰማዋል። እንግዲህ ገበሬው አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ነውን? አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከራሱ ሥልጣን በተጨማሪ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን እንዲይዝ አድርጓል። ስለዚህ ክሱ ከመጀመሪያው ደብረ ማርቆስ ላይ መከፈት ነበረበት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በይግባኝ በተቀመጠበት ችሎት ነገሩን እንደ አዲስ ክስ አድርጎ ሊፈርድበት አይችልም፤ ገበሬው እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ ሳለ አዲስ መዝገብ ማስከፈት ግድ ይሆንበታል። በዚህ መካከል ምስክሩ ቢሞት ወይም አገር ቢለቅ ጉዳቱ የእርሱ ነው።

ነጋዴው በወረዳው ፍርድ ቤት ዝም ማለቱስ አይቈጠርበትምን? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 9 እንደሚያዝዘው፥ ፍርድ ቤት የሥረ ነገር ሥልጣን የሌለው መሆኑን ባወቀ ጊዜ፥ ተከሳሹ ባይቃወምም፥ ክርክሩም የቱንም ያህል ቢገፋ፥ ነገሩን መተው አለበት። ይህን ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ነው እንጂ የባለጉዳዮች ፈቃድ አይደለምና፥ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ቢፈርሙ እንኳ ለዳኛው ያልተሰጠውን ሊሰጡት አይችሉም።

አሁን ምሳሌውን ጥቂት እንለውጠው። ገዢው ነጋዴ የጎሐ ጽዮን ሳይሆን የቢቸና ሰው ይሁን። ሁለቱም በአማራ ክልል የሚኖሩ ናቸውና ነገሩ የክልሉ ነው፤ ገንዘቡም በክልሉ አዋጅ ለወረዳ ፍርድ ቤት ከተወሰነው መጠን እስካላለፈ ድረስ የወረዳ ነው። መጠኑን እያንዳንዱ ክልል በራሱ አዋጅ ይወስናልና ከወረዳው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጠይቆ መረዳት ይገባል፤ በ1958ቱ ሕግ ውስጥ ለአውራጃና ለወረዳ ግዛት ፍርድ ቤቶች የተጻፈው የብር ልክ ዛሬ አይሠራም። የሚቀረው የቦታ ጥያቄ ነው። እንደ ወትሮው ከሳሽ ተከሳሹን ተከትሎ ይሄዳል፤ ማለት ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም ሥራውን በሚሠራበት አገር ይከስሳል። በውል ነገር ግን ሕጉ ለከሳሹ ምርጫ ጨምሮለታል፤ ውሉ በተደረገበት ወይም ሊፈጸምበት በተወሰነው ቦታ መክሰስ ይችላል። እንግዲህ ገበሬው ቢቸናም ደጀንም ቢከስስ ልክ ነው። ክርክሩ ስለ ቤት ወይም ስለ መሬት ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ምርጫ የለም፤ ንብረቱ ባለበት አገር ብቻ ይከሰሳል፥ ተከሳሹ የትም ቢኖር።

ይህ ገበሬ የአማቱ ልጅ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው ብሎ ቡሬ ሄዶ ቢከስስ ስሕተት ነው። ነገር ግን ስሕተቱ እንደ ፊተኛው አይደለም። ነጋዴው ይህን ለመቃወም ከፈለገ መልሱን ሲሰጥ፥ ወደ ዋናው ነገር ከመግባቱ አስቀድሞ፥ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማቅረብ አለበት። ካቀረበና ከተቀበሉት መዝገቡ ይዘጋል፤ ከሳሹም በትክክለኛው ቦታ እንደ ገና ይከስሳል። ዝም ብሎ ስለ ላሟ በሽታ ከተከራከረ በኋላ፥ በተረታ ጊዜ «ቦታው ቡሬ አልነበረም» ቢል አይሰማም፤ በቦታው ምክንያት ፍትሕ መጓደሉን ካላስረዳ በቀር ፍርዱ አይፈርስም። በሥረ ነገር ረገድ ዝምታው ምንም አልጠቀመም፥ በቦታ ረገድ ግን ቡሬን ትክክለኛ ፍርድ ቤት አደረገው።

በቋሚነት መኖር የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። ዘወትር ዐባይን እየተሻገረ የሚነግድ የደጀን ሰው፥ ቤቱና ቤተ ሰቡ ደጀን ሳሉ፥ የኦሮሚያ ነዋሪ አይባልም። ስለዚህ ጸሐፊው «ተከሳሹ ገበያው የት ነው» ብሎ ብቻ አይጠይቅ፤ «ቤቱ የት ነው፥ መታወቂያውን ከየትኛው ቀበሌ አወጣ» ብሎ ይጠይቅ።

ስለ ይግባኝ ነገሩ አጭር ነው። በወረዳ የተፈረደው ወደ ክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፌዴራልን ሥልጣን ይዞ በመጀመሪያ የፈረደው ደግሞ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የይግባኙ ጊዜ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ 60 ቀን ነው። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ በተሰጠበት ነገር መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን ያያል እንጂ፥ ላሟ ታማ ነበረች ወይስ አልነበረችም ብሎ ምስክር አይመዝንም።

ክስ የሚጽፍ ሰው በማመልከቻው ራስ ላይ የፍርድ ቤቱን ስምና ቦታ፥ ከዚያ የሁለቱን ወገኖች ስምና ሙሉ አድራሻ ይጽፋል። ቀጥሎም ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ያስረዳል። ለዚያ ገበሬ ቢጽፍ ኖሮ ቃሉ እንዲህ በሆነ ነበር፤ «ከሳሽ በአማራ ክልል፥ ተከሳሽ በኦሮሚያ ክልል በቋሚነት የሚኖሩ ስለ ሆነ፥ የገንዘቡም መጠን 150,000 ብር ስለ ሆነ፥ ውሉም ደጀን ላይ የተደረገ ስለ ሆነ፥ ይህ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና በተሰጠው የፌዴራል ሥልጣን ነገሩን የመስማት ሥልጣን አለው።»