በሁለተኛው ደንበኛ ዘምቢል ውስጥ ያለው ቡና የማን ነው?

ሶፍትዌር በሚሠራባቸው ቢሮዎች አንድ ሰው የጻፈው ኮድ ወደ ዋናው ፕሮግራም ከመግባቱ በፊት ሌላ ባልደረባ ያነበዋል። አንባቢው ያልተስማማው መስመር ሲያጋጥመው እዚያው ሥር ማስታወሻ ይጽፋል፤ ጸሐፊው አይቶ ያርማል ወይም ይከራከራል፤ ሲስማሙ ኮዱ ያልፋል። ሥራው ኮድ ሪቪው ይባላል። አንባቢው ዓመታት የሠራ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ሥራ ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት የሆናት በምትሆንበት ጊዜ፣ ያቺ አጭር ማስታወሻ ስህተት ከማረም በላይ ሥራ ታስተምራለች። እንዴት ተደርጋ ብትጻፍ እንደምታስተምር በአንድ ስህተት ላይ እንመልከት።

ልማዱ ራሱ ቆየት ያለ ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም መሐንዲስ የነበረው ማይክል ፋጋን ኮድን በቡድን የመመርመር ሥርዓት አሳትሞ ነበር። በእሱ አሠራር ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ኮዱን ይመረምራሉ፤ ስብሰባው ስህተት የሚገኝበት እንጂ መፍትሔ የሚፈለግበት አልነበረም። ዛሬ አብዛኛው ሪቪው በጽሑፍ ነው። አንባቢው ለብቻው ያነባል፣ ለብቻው ይጽፋል፤ ጸሐፊዋም ለብቻዋ ሆና ታነበዋለች። ፊት ለፊት ቢሆን በድምፅና በፈገግታ የሚለዝበው ነገር ሁሉ ጽሑፍ ላይ ይቀራል፤ ማስታወሻው ያንን ጉድለት በቃላት ብቻ መሙላት አለበት።

አሁን ወደ ስህተቱ። ሰዎች ከሱቅ ዕቃ የሚያዙበት አንድ መተግበሪያ አለ እንበል፤ የተጻፈው በፓይተን ቋንቋ ነው። ጀማሪዋ የተሰጣት ሥራ ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ ዘምቢሉ ውስጥ የሚጨምር ፋንክሽን መጻፍ ነው። እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፦

```python
def add_item(item, basket=[]):
    basket.append(item)
    return basket
```

የመጀመሪያው መስመር «አንድ ዕቃና አንድ ዘምቢል ስጠኝ፤ ዘምቢል ካልሰጠኸኝ በባዶ ዘምቢል እጀምራለሁ» ይላል። ሁለተኛው ዕቃውን ይጨምራል፤ ሦስተኛው ዘምቢሉን ይመልሳል። አጭርና ንጹሕ ነው፤ ችግሩን ፈልጎ ያጣ አንባቢ አይፈረድበትም። ፓይተን ላይ ብዙ የሠሩ ሰዎችም መጀመሪያ ሲያዩት ያልፉታል።

ችግሩ ያለው `basket=[]` የሚለው ላይ ነው። ጸሐፊዋ ያሰበችው ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አዲስ ባዶ ዘምቢል እንደሚዘጋጅ ነው። ፓይተን ግን ያንን ባዶ ዘምቢል የሚያዘጋጀው አንዴ ብቻ፣ ፋንክሽኑን መጀመሪያ ባነበበበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ ዘምቢል ሳይዝ የመጣ ሁሉ የሚሰጠው ያው አንዱ ነው። ባለሱቁ ለእያንዳንዱ ገዢ አዲስ ወረቀት ቀዶ ሒሳቡን እንደመጻፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለችው አንዲት ወረቀት ላይ የሁሉንም እያከታተለ ቢጽፍ ማለት ነው። የመጀመሪያው ገዢ ቡና ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ቡና አለ። ሁለተኛው ስኳር ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ቡናና ስኳር ሆኖ ይመጣበታል።

እዚህ ላይ ጀማሪዋ ኮዷን ሳትፈትሽ አልላከችም። ቴስት ጽፋለች፤ ቴስቱም አልፏል። ያለፈው ግን ፋንክሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ ስለጠራው ነው፤ የመጀመሪያው ጥሪ ሁልጊዜ ትክክል ይመልሳል። ስህተቱ የሚገለጠው ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ለብዙ ሰው ሲያገለግል፣ ማለትም ሰርቨር ላይ ሲወጣ ነው። በዚያ ላይ ጠባዩ ሰውን ያሳስታል። ሰርቨሩን አጥፍተው ሲያስነሱት ዘምቢሉ እንደገና ባዶ ስለሚሆን ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ሰርቨሩ ሥራውን ለበርካታ ፕሮሰሶች አከፋፍሎ የሚያስኬድ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የየራሱ ዘምቢል ስላለው፣ አንዱ ደንበኛ ሲሳሳትበት ሌላው ምንም ላያይ ይችላል። ቅሬታ አቅራቢው ደውሎ «እስቲ እንደገና ይሞክሩ» ሲባል በትክክል ሊሠራለት ይችላል። እንዲህ ያለው ስህተት አንዴ ካመለጠ ለማግኘት ቀናት ይፈጃል፤ ሪቪው ላይ ሲያዝ ግን በአንድ ማስታወሻ ያልቃል።

ማስታወሻው እንዴት ይጻፍ? አንዳንዱ አንባቢ «ይሄ ስህተት ነው፣ አስተካክዪው» ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ግን ጀማሪዋ ቴስቱ አልፎ እያየች ምኑን እንደምታስተካክል አታውቅም። ሌላው «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» ይላል። ጠያቂው ምክንያቷን ለማወቅ ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ሲነበብ ግን ምርመራ ነው፤ መልሷም ይቅርታ እንጂ ማብራሪያ አይሆንም። ሦስተኛው ዓይነት እኛ ዘንድ ይበልጥ የተለመደ ይመስለኛል፦ አንባቢው በይሉኝታ ተይዞ «ምናልባት ጊዜ ሲኖርሽ ብታዪው ጥሩ ነበር» ብሎ ይጽፋል፣ ኮዱንም ያሳልፋል። ይህኛው የዋህ ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ዕቃ ሌላ ሰው ሒሳብ ላይ እንደሚያርፍ እያወቀ አልነገራትም። ከሦስቱ ጀማሪዋን በጣም የሚጎዳት እሱ ነው፤ ስህተቱ ደንበኛ ዘንድ ሲደርስ ስሟ የሚነሳው የእሷ ነውና።

እኔ ጥሩ የምለው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦

«ፋንክሽኑ ለመጀመሪያው ጥሪ በትክክል ይሠራል፤ ቴስቱም ያለፈው ለዚህ ነው። ሁለት ጊዜ ሲጠራ ግን የፊተኛው ዕቃ አብሮ ይመጣል። እኔ ጋ ሳስኬደው እንዲህ ወጣ፦

```python
>>> add_item("ቡና")
['ቡና']
>>> add_item("ስኳር")
['ቡና', 'ስኳር']
```

ምክንያቱ ፓይተን `[]` የሚለውን የሚፈጥረው ፋንክሽኑ ሲፈጠር አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ሁሉም ጥሪዎች ያንኑ ሊስት መጋራታቸው ነው። ሰርቨር ላይ የአንዱ ደንበኛ ዕቃ ሌላው ዘምቢል ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከማለፉ በፊት መታረም አለበት። እንዲህ ቢሆን ይፈታል፦

```python
def add_item(item, basket=None):
    if basket is None:
        basket = []
    basket.append(item)
    return basket
```

በተከታታይ ሁለት ጊዜ የሚጠራው አንድ ቴስትም ጨምሪበት። ይህ የቋንቋው ባሕርይ ነው፤ ኮዱን በማየት ብቻ አይገመትም። ያልገባሽ ነገር ካለ ጥሪኝ፣ አብረን እናስኪደው።»

ማስታወሻው የሚጀምረው በሚታይ ነገር ነው። ሁለቱን ጥሪዎች ጀማሪዋ ራሷ ማሽን ላይ ጽፋ ውጤቱን ማየት ትችላለች፤ የአንጋፋውን ቃል እንድታምን አልተጠየቀችም። ይህ አንባቢውንም ይጠብቀዋል። ሳያስኬዱ በግምት የሚጻፍ አስተያየት አንዳንዴ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል፤ ጀማሪ ደግሞ አንጋፋን ለመቃወም ስለሚከብዳት ትክክለኛውን ኮዷን ልታበላሽ ትችላለች።

ዓረፍተ ነገሮቹንም ልብ ብለው ይዩአቸው። ስህተቱን በሚናገሩት ላይ «አንቺ» የለም፦ ፋንክሽኑ ይሠራል፣ ዕቃው አብሮ ይመጣል፣ ጥሪዎቹ ይጋራሉ። «አንቺ» የሚመጣው ቀጣዩ ሥራ ሲነገርና ግብዣ ሲቀርብ ብቻ ነው። ክብደቱም ሳይለዝብ ተነግሯል፤ «ከማለፉ በፊት መታረም አለበት» የሚለው ከነምክንያቱ ስለመጣ ቁጣ አይመስልም። በዚያው ኮድ ላይ የክፍት ቦታ ወይም የስም አወጣጥ ጥቃቅን አስተያየቶች ቢኖሩ አንባቢው «አነስተኛ» ብሎ ምልክት ቢያደርግባቸው ይሻላል፤ አለዚያ ትልቁ በትንንሾቹ መሐል ይጠፋል።

መፍትሔውን ሙሉ ጽፎ መስጠት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ያከራክራል። ብዙ አንጋፋዎች ጀማሪ ራሷ ፈልጋ ታግኘው ይላሉ፤ ስህተቱ የአስተሳሰብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቅናሽ ከግብር በፊት ወይስ በኋላ ይሰላ የሚል ከሆነ፣ እኔም እስማማለሁ፤ አንድ ጥያቄ ይበቃታል። ይህኛው ግን በማሰብ የሚደረስበት አይደለም። የፓይተን ሠሪዎች የወሰኑት ደንብ ነው፤ የማያውቀው ሰው ቢያስብ ቢያስብ አያገኘውም። በተጨማሪም መፍትሔው ራሱ ወጥመድ አለበት። ብዙ ሰው ለማሳጠር እንዲህ ይጽፋል፦

```python
basket = basket or []
```

የሚሠራ ይመስላል። ነገር ግን ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል የራሱን ባዶ ዘምቢል አዘጋጅቶ ቢሰጠው፣ ፓይተን ባዶ ሊስትን «እንደሌለ» ስለሚቆጥር ያንን ጥሎ አዲስ ይፈጥራል። ዕቃው አዲሱ ውስጥ ይገባል፤ የተሰጠው ዘምቢል ባዶውን ይቀራል። `is None` ግን የሚጠይቀው «ጭራሽ አልተሰጠኝም ወይ?» ብሎ ነው፤ ባዶን ከሌለ ይለያል። ጀማሪዋ «ለምን በአጭሩ አይጻፍም?» ብላ ብትመልስ የሚነገራት ይህ ነው፤ ብትጠይቅም ደስ ይላል፤ ማስታወሻውን በሚገባ እንዳነበበች ያሳያልና።

ማረሚያው ሲላክ አንባቢው አንድ ነገር መፈተሽ አለበት። አዲሱን ቴስት መጀመሪያ በአሮጌው ኮድ ላይ ያስኪደው፤ መውደቅ አለበት። እዚያም ካለፈ ቴስቱ ስህተቱን አልነካውም ማለት ነው። ቀጥሎ በአዲሱ ላይ ያስኪደውና ካለፈ ኮዱን ያጽድቅ።

ይህን ዓይነት ስህተት ደግሞ ሁልጊዜ የሰው ዓይን ብቻ እንዲጠብቀው አይገባም። ኮድን ሳያስኬድ የሚመረምረው `pylint` የተባለ መሣሪያ `W0102` በሚል ቁጥር ያስጠነቅቅበታል፤ ቢሮው ውስጥ ከተገጠመ የሚቀጥለው ጀማሪ ማስታወሻ ሳይጻፍለት ራሱ ያየዋል። በቀላል የጽሑፍ ፍለጋ መፈለግም ይቻላል፤ ሆኖም ፋንክሽኑ በሁለት መስመር ተከፍሎ ከተጻፈ ወይም ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካለ ፍለጋው ሊያመልጠው ይችላል። ከሚገኙት ውስጥ አንዳንዶቹ ሊስቱን የሚያነቡ እንጂ የማይለውጡ ስለሚሆኑ ለጊዜው ጉዳት የላቸውም። የቀሩት ቢታረሙም ጸሐፊያቸው እሷ አይደለችም፤ በእሷ ለውጥ ላይ ሳይደረቡ ለብቻቸው ሌላ ሥራ ይከፈትላቸው።